ሥዕል የሌላቸውን ካርታዎች ማንበብ፦ በመጠን፣ በደረጃ ወይስ በጎዶሎና በሙሉ?

ትርጉም እየተሰጠው የሚነበበው ታሮት የተባለው ካርታ 78 ካርታ አለው። 22ቱ ሥዕል ያላቸው ዋና ካርታዎች ናቸው። 16ቱ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ፈረሰኛና አሽከር ናቸው። የቀሩት 40ዎቹ ከ1 እስከ 10 በአራት ምልክት የተደረደሩ ናቸው፦ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና በትር። የማርሴይ በሚባለው የቆየ የታሮት ዓይነት ላይ 7 ሰይፍ ማለት ሰባት ሰይፍ ነው፣ አለቀ። የሚያለቅስ ሰው የለበትም፣ የሚሸሽ ሰው የለበትም። ዋናዎቹን ካርታዎች ደህና አድርጎ ሲያነብ የቆየ ሰው እዚህ ሲደርስ አፉ ይያዛል። 5 ሳንቲም ወጣ፤ እና ምን ይባል?

የሚባል ነገርማ አለ። ምልክቱ ስለ ምን እንደምናወራ ይነግራል፤ ቁጥሩ ደግሞ ያ ነገር እንዴት እንዳለ። ለገበሬ ልጅ ሲነገር፣ ምልክቱ የትኛው ማሳ እንደሆነ ነው፣ ቁጥሩ ሰብሉ ምን ላይ እንደደረሰ። ችግሩ ቁጥሩን የማንበቢያው መንገድ አንድ አለመሆኑ ነው። ብዙ የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው፤ እነሱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለምን እንደሚሆን ልናገር። አራተኛም አለ፣ ሥዕል ተውሶ ማንበብ። እሱን የማልመክርበትን ምክንያት ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ በርበሬ ነጋዴ ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ያሳያል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ ካርታ የማየው ሐሳቤን ለማጥራት እንጂ ነገ የሚሆነውን ለማወቅ አይደለም። ካርታ የበርበሬ ዋጋ አያውቅም። የንስሐ አባታችሁ ይሄን ነገር ተው ካሏችሁ ከእሳቸው ጋር አልከራከርም፣ ጽሑፉን እዚህ ላይ መተው ትችላላችሁ።

የትኛው ካርታ ይሻላል?

ይሄኛው ምርጫ ቀላል ነው። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ የማርሴይ ታሮት ግዙ። ከሌለ ኮንከር የምትጫወቱበት ካርታ ይበቃል። ከ52ቱ ንጉሦቹን፣ ንግሥቶቹንና ጃኮቹን አውጡ፣ ጆከሩንም ጣሉ። 40 ይቀራል። ቀዩ ልብ ጽዋ ነው፣ ቀዩ ዳይመንድ ሳንቲም፣ ጥቁሩ ስፔድ ሰይፍ፣ ጥቁሩ አበባ በትር። አንድ ነጥብ ያለው እንደ 1 ይቆጠራል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ከየትኛውም ሱቅ የገዛችሁት ካርታ ለዚህ ሥራ ከውጭው አያንስም።

የማርሴዩ አንድ ብልጫ አለው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አንድ ጣጣም አለው። ቁጥሮቹ በሮማ አጻጻፍ ናቸው፤ 4 ብዙውን ጊዜ በአራት ቋሚ መስመር ነው የሚጻፈው። ሳንቲሞቹ ላይ ደግሞ ቁጥር የለም፣ እየቆጠራችሁ ነው። ሰይፎቹም እንደ ቆልማማ ቅስት ጎብጠው እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ለጀማሪ ሰይፍ አይመስሉም። ቀጥ ብለው የሚተላለፉት በትሮቹ ናቸው። ይሄን ያልለየ ሰው የክርክሩን ካርታ፣ ሰይፉን፣ የሥራ ካርታ፣ በትር፣ አድርጎ ያነበዋል።

ተገልብጦ የወጣ ካርታ ሌላ ትርጉም አለው የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ እሱን እርሱት። የመጫወቻ ካርታ ሲገለበጥ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፣ የማርሴዩም የሳንቲምና የበትር ካርታ አብዛኛው እንደዚያው ነው። ያልታየ ነገር አይነበብም።

ምልክቶቹ

በዚህ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የለም። ጽዋ ስሜትና ዝምድና ነው፦ ፍቅር፣ ቤተሰብ፣ ጉርብትና። ሳንቲም ገንዘብና የሚዳሰስ ነገር ነው፦ ዕቃ፣ መሬት፣ ጤና። ሰይፍ ሐሳብና ቃል ነው፦ ክርክር፣ ውል፣ ጭንቀት፣ ውሳኔ። በትር ጉልበትና ሥራ ነው፦ መነሣት፣ መልፋት፣ መፈለግ። ሰይፍ ሲወጣ መደንገጥ የለም። ሰይፍ አፍ ነው፣ ጭንቅላት ነው፤ ጎራዴ ይዞ የመጣባችሁ ሰው የለም።

የፍኖተ ሰላሙ ጥያቄ

ጓደኛዬ በርበሬ ሰብስቦ ከአንድ ባልንጀራው ጋር በጋራ መጋዘን አስቀምጧል። ደላላው በየቀኑ ይደውላል። አንዱ ቀን ይወጣል ይለዋል፣ አንዱ ቀን ይወርዳል። በርበሬ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። እየደረቀ ሲሄድ ሚዛኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። ጥያቄው፦ አሁን ልሽጥ ወይስ ላቆየው?

ሦስት ካርታ አወጣ። የመጀመሪያው በእጁ ስላለው ነገር፣ ሁለተኛው መሃል ላይ ስለገባው፣ ሦስተኛው ነገሩ ስለሚያዘነብልበት። የወጡት 4 ሳንቲም፣ 7 ሰይፍና 2 በትር ናቸው።

አንደኛው መንገድ፦ መጠን

ቁጥሩን እንደ ብዛት ውሰዱት። ትንሽ ቁጥር ትንሽ ነገር፣ ትልቅ ቁጥር ብዙ ነገር። 2 ጽዋ ጥቂት ስሜት፣ 9 ጽዋ የተትረፈረፈ ስሜት። ሌላ መሸምደድ የለበትም።

በዚህ መንገድ የጓደኛዬ ካርታዎች እንዲህ ይነበባሉ። መካከለኛ ገንዘብ፣ ብዙ ወሬና ጭንቀት፣ ትንሽ ጉልበት። የሚያስጨንቀው ነገር ከዕቃው ይበልጣል ማለት ነው። ሰውየው ከያዘው በርበሬ በላይ እያሰበ ነው፣ ለማሰቡ የሚመጥን ሥራ ግን እየሠራ አይደለም።

እኔ እንደማየው የዚህ መንገድ ጉልበቱ ካርታዎችን እርስ በርስ መመዘኑ ላይ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካርታ ሲሆን ወዲያው አንዱ ከብዶ ይታያል። ለብቻው የወጣ አንድ ካርታ ላይ ግን ዝም ይላል። 5 ሳንቲም ለብቻው ቢወጣ መካከለኛ ገንዘብ ከማለት ሌላ የምትሉት የላችሁም። ብዙ መሆኑ ደግ ይሁን ክፉም አይነግርም። 9 ሰይፍ ለሚከራከር ጠበቃ ሲሳይ ነው፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን መከራ። እሱን ጥያቄው ነው የሚፈታው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ደረጃ

ይሄ በጣም የሚወደደው ነው። ከ1 እስከ 10 ያለው አንድ ነገር ከመነሻው እስከ ማለቂያው የሚሄድበት መንገድ ይሆናል። 1 መነሻው ነው። 2 ገና ያልለየለት፣ የሚጠብቅና የሚያመነታ። 3 የመጀመሪያው ብቅ ማለት። 4 መርጋት። 5 የረጋው የሚናወጥበት። 6 እንደገና መስማማት። 7 ከራስ ወጥቶ መግፋት። 8 ሥርዓት መያዝ። 9 ሊያበቃ ጥቂት የቀረው። 10 መሙላትና መዞር።

ጓደኛዬ ጋ ስናመጣው፦ ገንዘቡ ረግቶ ዕቃ ላይ ተቀምጧል። ንግግሩ ወደ መግፋት ደረጃ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር ይጠበቅበታል። ሥራው ግን ገና 2 ላይ ነው፣ አንድ እግር ወደዚህ፣ አንድ እግር ወደዚያ። ንግግሩ ከሥራው አምስት ደረጃ ቀድሞ ሄዷል። ይሄ ከመጠኑ ንባብ የተሻለ ነገር ነው፤ ምን እንደበዛ ብቻ ሳይሆን ምን ወደ ኋላ እንደቀረም ያሳያል።

ጉድለቱ ምንድን ነው? ሰዎች በደረጃዎቹ አይስማሙም። በተለይ 5 እና 7 ላይ። 5ን አንዱ መናወጥ ሲለው ሌላው ወደ አዲስ ነገር መሻገሪያ ይለዋል። ከ1 እስከ 5 አንድ ዙር፣ ከ6 እስከ 10 ሌላ ዙር አድርገው የሚቆጥሩም አሉ። ከዚህም ከዚያም ለቃቅማችሁ ብታነቡ ካርታው የፈለጋችሁትን ሁሉ ይላችኋል። ስለዚህ አሥሩን ቃላት በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ግድ የለም። ካርታ ከወጣ በኋላ ግን ቃሉ አይለወጥም።

ሌላም አለ። ደረጃ ጊዜ አይደለም። 9 ወጣ ማለት ሳምንት ቀረው ማለት አይደለም፣ 4 ወጣ ማለትም አራት ወር አይደለም። ቀን የምታወጡበት ከሆነ ካርታውን ትታችሁ የቀን መቁጠሪያ ስቀሉ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ጎዶሎና ሙሉ

ይሄ በጣም ቀላሉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀውም እሱን ነው። ለሁለት የሚካፈለው ቁጥር፣ ሙሉው፣ ቆሟል። የማይካፈለው፣ ጎዶሎው፣ ይንቀሳቀሳል። በቃ። 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ጥንድ ጥንድ ሆነው ሚዛናቸውን ጠብቀው ይቆማሉ። 1፣ 3፣ 5፣ 7 እና 9 አንድ ትርፍ አላቸው፣ ያቺ ትርፍ ነገሩን ትገፋዋለች።

የማርሴዩ ካርታ ብልጫ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ሰይፎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። 3፣ 5፣ 7 እና 9 ላይ ከጎበጡት ሰይፎች መሃል አንድ ቀጥ ያለ ሰይፍ ቆሟል። 2፣ 4፣ 6 እና 8 ላይ ግን መሃል ያለው አበባ ነው። ጎዶሎው የሚገፋ ነገር አለው፣ ሙሉው የተዘጋ ግቢ ነው። 10 ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ሰይፎች ይገናኛሉ። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ማንም ሳያስተምራችሁ ትደርሱበታላችሁ። በመጫወቻ ካርታም ምልክቶቹን ብታዩ በብዙዎቹ ጎዶሎዎች ላይ ጥንድ ያላገኘች አንዲት ምልክት በመሃለኛው መስመር ላይ ትታያለች።

የበርበሬው ካርታ በዚህ መንገድ፦ 4 ሳንቲም ቆሟል። 7 ሰይፍ ይንቀሳቀሳል። 2 በትር ቆሟል። ገንዘቡም እጁም ቆመው የሚንቀሳቀሰው ወሬው ብቻ ነው። ከሦስቱ ንባቦች ለጓደኛዬ የደረሰው ይሄኛው ነው። ጥያቄው ልሽጥ ወይስ ላቆየው ነበር፣ ማለትም ይንቀሳቀስ ወይስ ይቁም። ጎዶሎና ሙሉ የሚመልሰውም ልክ እሱን ነው። በደላላው ስልክ ላይ ተቀምጦ ከሚውል ራሱ ቡሬ ገበያ ሄዶ ዋጋውን በዓይኑ ቢያይ ይሻላል አልነው። ሄደ፣ ጠየቀ፣ ግማሹን ሸጠ። ጥሩ ዋጋ አግኝቶ ይሁን አይሁን የካርታው ጉዳይ አይደለም።

የዚህ መንገድ ድክመት ጥልቀት የሌለው መሆኑ ነው። 3 ጽዋና 9 ጽዋ አንድ ይሆኑበታል፣ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ለረጅም ጥያቄ አይሆንም። የባልና ሚስት ነገር፣ የልጅ ትምህርት፣ የቤተሰብ መሬት ዓይነት ጉዳይ ሲሆን ደረጃው ይሻላል።

ሥዕል መዋስ

አሁን ወደ ጣጣው። በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመ አንድ ታሮት አለ፤ አርተር ኤድዋርድ ዌይት አሰናድቶት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው። እሷ 40ዎቹም ላይ ትዕይንት ሣለችባቸው። ዛሬ ስልክ ላይ የምታገኙት የታሮት አፕ አብዛኛው የዚያ ካርታ ሥዕልና ትርጉም ነው። በዚያ ካርታ 7 ሰይፍ ላይ አንድ ሰው ከጦር ሰፈር አምስት ሰይፍ አቅፎ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይሸሻል። ሁለቱን እዚያው ተክሎ ትቷቸዋል። ስለዚህ አፑ ላይ ሌባ፣ ተንኮል፣ ክህደት ተብሎ ይጻፋል።

ጓደኛዬ ለእኔ ከመናገሩ በፊት ያንን አይቷል። 7 ሰይፍ ወጣብኝ፣ ስለዚህ አንድ ሰው ይሰርቀኛል። ማን? መጋዘኑን የሚጋራው ባልንጀራው ነዋ። ሳይነግረው ሄዶ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። አንድም አልጎደለም። ባልንጀራው ግን ከጥበቃው ሰማ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰላምታቸው በአፍ ብቻ ሆነ፣ ቡናም አብረው መጠጣት ተዉ።

እስቲ ሌባው ከየት መጣ? ከሰይፍ አይደለም፤ ሰይፍ ሐሳብና ቃል ነው። ከ7ም አይደለም፤ በሦስቱም መንገድ 7 መስረቅ ማለት አይደለም። የመጣው ጓደኛዬ በእጁ ካልያዘው ካርታ ላይ ካለ ሥዕል ነው። እሱ የያዘው ሰባት ጥቁር ስፔድ የታተመበት ወረቀት ብቻ ነበር።

የ1909ኙ ካርታ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሥዕሉን እያያችሁ ስታነቡት ሥዕሉ ራሱ ይከራከራችኋል፤ የሰውየውን ፊት ታያላችሁ፣ የቀሩትን ሁለት ሰይፎች ታያላችሁ፣ ሌላ ነገር ልትሉ ትችላላችሁ። ሥዕሉ ሳይኖር ትርጉሙን ብቻ ስትሸመድዱ ግን የቀረው ፍርድ ነው፤ ሌባ የሚል አንድ ቃል። ፍርድ ደግሞ ስም ይፈልጋል።

ታዲያ የቱን?

እንደ ጥያቄው ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ልሽጥ ወይስ ልያዝ፣ ልንገር ወይስ ልተው ለሚል ጎዶሎና ሙሉ። ከነዚህ ነገሮች የቱ ይከብደኛል ለሚል መጠን። ይሄ ነገር የት ደረሰ ለሚል ደረጃ። አንድ ብቻ ልማር የሚል ካለ ደረጃውን ይያዝ፣ ከሦስቱ ብዙ ቦታ የሚያደርሰው እሱ ነው። እኔ ራሴ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምጀምረው በጎዶሎና በሙሉ ነው፤ ሰው ወደ ካርታ የሚመጣው ሲያመነታ ስለሆነ።

መንገዱን የምትመርጡት ካርታው ሳይገለጥ ነው። ከተገለጠ በኋላ ከመረጣችሁ ደስ የሚላችሁን መልስ ነው የምትመርጡት፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር እንደሚሉ አይታችኋል። ለአንድ ጥያቄ አንድ መንገድ።

በትክክል እያነበባችሁ መሆኑን የምታውቁበት አንድ ሙከራ አለ። ያወጣችሁትን ንባብ በአጭሩ ጻፉት። ከዚያ አንዱን ቁጥር በሐሳባችሁ ለውጡ። የጓደኛዬ 7 ሰይፍ 8 ሰይፍ ቢሆን ኖሮስ? በጎዶሎና በሙሉ ሦስቱም ይቆማሉ፤ ወሬውም ጸጥ ይላል፣ ንባቡ ሙሉ ለሙሉ ይለወጣል። በደረጃ ደግሞ ንግግሩ ሥርዓት ይዟል፣ ምናልባት ውል ላይ ደርሷል ይባላል። በመጠን ግን ብዙም የሚለወጥ የለም፤ ያም የመንገዱ ጠባይ ነው። ቁጥሩን ለውጣችሁ ደረጃውም ጎዶሎና ሙሉውም ላይ ያው ዓረፍተ ነገር ከቀረ፣ ቁጥሩን አላነበባችሁትም። በልባችሁ የነበረውን ነው የተናገራችሁት። ምልክቱንም እንዲሁ ለውጡት። ሰይፉ ጽዋ ቢሆን የሚንቀሳቀሰው ወሬ ሳይሆን የባልንጀርነቱ ስሜት ይሆን ነበር፣ ንባቡም ከደላላው ወደ መጋዘኑ ባለቤቶች ይዞር ነበር።

የሚያስቸግር ሁኔታ አንድ ብቻ ልጨምር። ሦስቱም ካርታ ሙሉ ቁጥር የሆነ እንደሆነ ሰው እጁ ይበላዋል፤ አራተኛ ካርታ ላውጣ ይላል። አታውጡ። የቆመ ነገር ቆሟል ማለት ንባብ ነው። አራተኛው ጎዶሎ ቢወጣ የምትይዙት እሱን ብቻ ነው፣ ሦስቱን ትረሷቸዋላችሁ። ሦስቱም ጎዶሎ ሲሆኑ ደግሞ የሚታየው ምልክቱ ነው። ሦስቱም ሰይፍ ከሆኑ የሚሯሯጠው አፍ ብቻ ነው፤ ሳንቲምና በትር ከገቡበት ግን እጅም ኪስም ተነሥተዋል።